ሌሊት የሚደነዝዝ እጅ፦ አንገት ከመነሣቱ በፊት አንጓ ይታይ

በመንዝ ደጋ ሌሊት ጣት ሲደነዝዝ መጀመሪያ የሚከሰሰው ብርድ ነው። በመሐል ሜዳና በዙሪያዋ 3000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ለሚያድር ሰው ይህ ክስ እንግዳ አይደለም። ጣቱ የደነዘዘበት ሰው እጁን በጋቢው ውስጥ ይቀብራል፣ ጠዋት እሳት ዳር ይሞቃል፣ «ብርድ ገብቶብኝ ነው» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ሁለተኛ ተከሳሽ መጥቷል፤ እርሱም አንገት ነው። በአዲስ አበባ የግል ምርመራ ማዕከላት ኤም አር አይ እየበዛ ሲሄድ፣ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ የሚነሣ ታማሚም ልጁ ወይም ወንድሙ ዘንድ አርፎ አንገቱን ይነሣል። ሲመለስ «ዲስክህ ተንሸራቷል፣ ነርቭ ነክቷል» የሚል ወረቀት ይዞ ነው። ከዚያ ወዲህ ጣቱም፣ እንቅልፉም፣ ፍርሃቱም በዚያ ወረቀት ይተረጎማል።

የእኔ ክርክር በኤም አር አይ ላይ አይደለም። ክርክሬ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጣት መደንዘዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአንገት ሳይሆን ከእጅ አንጓ ነው። ይህንንም ለመለየት የሚያስፈልገው ጥያቄና የእጅ ፍተሻ መሐል ሜዳም፣ ሞላሌም፣ ራቤልም፣ ዓለም ከተማም ላይ ይገኛል። ጥያቄው ሳይጠየቅ ፎቶው ከቀደመ ግን ፎቶው ራሱ ያሳስታል።

ይህ ስሕተት በሕክምና ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ደርሷል። ጄምስ ፑትናም የተባለ የቦስተን ሐኪም በ1880 እ.ኤ.አ. ሌሊት እጃቸው እየደነዘዘ የሚነቁ 37 ታማሚዎችን መዝግቦ ነበር፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። እጃቸውን ሲያራግፉት ወይም ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች ሲያንጠለጥሉት ይሻላቸው እንደነበር ሳይቀር ጽፏል። ምልክቱ እንዲህ በትክክል ከተጻፈ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሐኪሞች ምክንያቱን የፈለጉት ከላይ፣ በአንገትና በትከሻ መካከል ነበር። በአንዳንድ ሰው አንገት ሥር የምትበቅል ትርፍ የጎድን አጥንት ነርቩን ትጫነዋለች ብለው አጥንቷን ቆርጠው ያወጡም ነበር። መልሱ በሰፊው የተቀየረው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። ራስል ብሬይንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ በላንሴት መጽሔት ላይ ስለ 6 ሴቶች ጻፉ፤ ነርቩ የተጨነቀው አንጓ ላይ እንደሆነና እዚያው ተከፍቶ ቢለቀቅ ሕመሙ እንደሚተው አሳዩ። ዛሬ የአንገት ፎቶ ይዞ የሚመለሰው ሰው ሳያውቀው ከ1947 በፊት ወደነበረው መልስ እየተመለሰ ነው።

አንጓው ውስጥ ያለው ነገር እንዲህ ነው። በመዳፍ መነሻ ላይ 8 ትንንሽ አጥንቶች እንደ ቅስት ተደርድረው ወለልና ግድግዳ ይሠራሉ። ጣራው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ፣ ወፍራምና የማይለጠጥ ማሰሪያ ጅማት ነው። በዚህ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሐኪሞች ካርፓል ተነል በሚሉት፣ ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ አብረው ያልፋሉ። ነርቩ ሚዲያን ይባላል። የአውራ ጣትን፣ የሌባ ጣትንና የመሐል ጣትን ስሜት፣ ከቀለበት ጣትም በአውራ ጣት በኩል ያለውን ግማሽ ይሸከማል። የማርያም ጣት የሌላ ነርቭ ድርሻ ናት፤ ያ ነርቭ በዚህ መተላለፊያ አያልፍም። ጅማቶቹን የሸፈነው ስስ ሽፋን በሥራ ብዛት፣ በእርግዝና ወይም በሌላ ምክንያት ሲያብጥ ጣራው ስለማይለጠጥ ጫናው የሚያርፈው ከሁሉ ለስላሳ በሆነው በነርቩ ላይ ነው።

ሌሊት ለምን እንደሚብስ በቁጥር የታየው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው። ገልበርማን የተባለ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ከባልደረቦቹ ጋር በመተላለፊያው ውስጥ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ግፊቱን ለካ። በጤነኛ እጅ፣ አንጓው ቀጥ ብሎ ሲያርፍ፣ ግፊቱ 2.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ነበር። በታማሚዎቹ እጅ 32 ገደማ ሆነ። የታማሚው አንጓ ወደ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሲታጠፍ ደግሞ ከ90 አለፈ። በዚህ ግፊት ለነርቩ ደም የሚያመላልሱት ጥቃቅን ሥሮች ይታፈናሉ፣ ነርቩም ይደነዝዛል። የተኛ ሰው አንጓው መታጠፉን አያውቅም። በተጨማሪም ቀን ወደ እግር የወረደው የሰውነት ፈሳሽ በጋደምንበት ወደ እጅም ይመለሳል። በደጋው ብርድ ደግሞ ሰው ተኮራምቶ፣ እጁን ከአገጩ ሥር አጥፎ፣ ጉንጩን በእጁ ጀርባ አስደግፎ ነው የሚተኛው። ስለዚህ ብርዱ መከሰሱ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም። ነርቩን የሚጎዳው ግን ቅዝቃዜው ሳይሆን ብርዱ ያስያዘን አተኛኘት ነው። እጅን ይበልጥ አጥፎ በጋቢ መጠቅለልም ሕመሙን ማባባስ ይሆናል።

ጉዳዩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ሴትዮዋ ስም የላትም፤ ነገር ግን እንደ እርሷ ያለች ሴት በብዙ ጤና ጣቢያ በር ላይ ትገኛለች። ዕድሜዋ 45 ነው። ለባና የሚሆን የበግ ጸጉር ታፈታታለች፣ ትፈትላለች፣ ጠዋትና ማታ ላም ታልባለች፣ በገብስ አጨዳ ጊዜ ማጭድ ትይዛለች። ሥራዋ ሁሉ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መቆንጠጥ፣ በመዳፍ መጭመቅና አንጓን እያጠፉ መዘርጋት ነው። በኃይል እየተያዘ የሚደጋገም የእጅ ሥራ ለዚህ ሕመም ከሚያጋልጡት አንዱ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእጅ ማለብም ከዚያው ዓይነት ሥራ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ እጇ ወርሮ ይቀሰቅሳታል። ጣቶቿ ያበጡ ይመስላታል፤ ስታያቸው ግን አላበጡም። እጇን ደጋግማ ስታራግፍ፣ ተነሥታም ስትንጎራደድ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ይለቃታል።

ሐኪሙ «እትዬ፣ የትኛው ጣትዎ ነው የሚደነዝዘው?» ሲላት «ኧረ ዶክተር፣ ሁሉም ነው» ትላለች። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይበላሻል። በእንቅልፍ ልብ የተሰማ መደንዘዝ «ሁሉም ጣት» መምሰሉ የታወቀ ነው፤ በዚህ መልስ ላይ ተመሥርቶ አንገት ፎቶ ይነሣ ማለት ግን ችኮላ ነው። «እንግዲህ ዛሬ ሌሊት ሲቀሰቅስዎ የማርያም ጣትዎን በሌላው እጅ ይንኩልኝ፤ እርሷም ደንዝዛ እንደሆን ይንገሩኝ» ቢላት ግን ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ መልስ ይዛ ትመጣለች፤ የማርያም ጣት ደኅና ናት። ቀጥሎ የቀለበት ጣቷን በጥጥ ጫፍ በሁለቱም ጎን ይነካል። በመሐል ጣት በኩል ያለው ጎን ይደነዝዛል፣ በማርያም ጣት በኩል ያለው ጎን ይሰማል። የአንድ ጣት ስሜት እንዲህ ለሁለት መከፈሉ ከአንገት ለሚመጣ ችግር እምብዛም የማይታይ፣ ለአንጓ ግን የሚያደላ ምልክት ነው። ምክንያቱም የአንገት ሥሮች ጣቱን እንዲህ በመሐል አይከፋፍሉትም። ሌላም አለ፤ ከአውራ ጣት ሥር ያለው የመዳፍ ሥጋ ቆዳው ደኅና ይሰማታል። ለእርሱ ስሜት የሚሰጠው ቅርንጫፍ ከመተላለፊያው በፊት ተለይቶ ከጣራው በላይ ስለሚያልፍ አይጨነቅም።

ከዚያ ሁለት ቀላል ፍተሻዎች አሉ። በአንደኛው ክርኖቿን ጠረጴዛ ላይ አስደግፋ አንጓዎቿ በራሳቸው ክብደት ወደ ውስጥ እንዲታጠፉ ለ60 ሰከንድ ትለቃቸዋለች። በሁለተኛው ሐኪሙ በአውራ ጣቱ አንጓዋ ላይ፣ ከመዳፍ መነሻው ላይ፣ ለ30 ሰከንድ ይጫናል። የሌሊቱ መደንዘዝ በዚያው ጣት ላይ ተመልሶ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ካልመጣ ግን ነገሩ አንጓ አይደለም ለማለት አይበቃም። ሁለቱም ፍተሻዎች አንዳንዴ ያመልጣቸዋል፤ በጤነኛ ሰውም አንዳንዴ አለ ይላሉ። የሚወስነው የሌሊቱ ታሪክ፣ የጣቶቹ ካርታና ፍተሻው ሲስማሙ ነው።

የአንገቱ ነርቭ ችግር ሌላ ጠባይ አለው። ከአንገት አከርካሪ አጥንቶች መካከል የሚወጣ የነርቭ ሥር በዲስክ ወይም በዕድሜ በበቀለ አጥንት ሲጨነቅ ሰው አስቀድሞ የሚያማርረው ስለ ጣቱ ሳይሆን ስለ ሕመሙ ነው። ሕመሙ ከአንገት ወይም ከትከሻ አጥንት ውስጥ ተነሥቶ ክንዱን ይዞ ይወርዳል፣ ይነዝራል፣ ይጠዘጥዛል። ራሱን ወደ ታመመው ጎን አዘንብሎ ወደ ላይ ሲያይ ይብስበታል። የታመመውን እጅ አናቱ ላይ ሲጭን ይቀልለዋል፤ አንዳንዱ ይህን ማንም ሳያስተምረው አግኝቶት እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። ይህን ያየ ሐኪም ከአንገት መጀመር ይገባዋል። እጅን ማራገፍ ለዚህ ሰው ፋይዳ የለውም።

ጣቶቹ መመሳሰላቸው ነው የሚያሳስተው። ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ሥር ሲጨነቅ የሚደነዝዙት አውራና ሌባ ጣት ናቸው፣ ሰባተኛው ሲጨነቅ የመሐል ጣት። እነዚህ ጣቶች የአንጓው ነርቭም ድርሻ ናቸው። ስለዚህ ጣት ብቻ ቆጥሮ መፍረድ አይቻልም፤ ወደ ላይ መሄድ ያስፈልጋል። በስድስተኛው ሥር ከክርን በታች ያለው የውጭ ጎን ቆዳም ይደነዝዛል፤ ክርን የሚያጥፈው ጡንቻና አንጓን ወደ ኋላ የሚያቀናው ይደክማሉ። በሰባተኛው ሥር ከክንድ ጀርባ ያለው ጡንቻ ይደክማል፤ ሰውየው በር ገፍቶ መክፈት ወይም ከመደብ ላይ እጁን ተደግፎ መነሣት ያቅተዋል፣ ክርኑ ላይ በመዶሻ ሲመታም ክንዱ አይዘልም። በአንጓ ችግር እነዚህ ሁሉ ደኅና ናቸው። የሚደክመው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ መዳፍ ወደ ላይ ተዘርግቶ አውራ ጣት ወደ ጣራ ቀጥ ብሎ ሲነሣ የሚገፋው ጡንቻ። በአንጓ ሕመም ስቃዩ ወደ ክርንና እስከ ትከሻ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ «ክንዴን ያመኛል» የሚል ቃል ብቻውን ለአንገት አይመሰክርም። መደንዘዙ ግን ከአንጓ በላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ፎቶው። በጃፓን ናካሺማና ባልደረቦቹ በ2015 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ምንም የአንገት ሕመም የሌላቸውን 1211 ሰዎች በኤም አር አይ አዩ። ከ100 ሰው ወደ 88ቱ ዲስካቸው ወጣ ብሎ ተገኘ። በሃያዎቹ ዕድሜ ካሉት እንኳ ከ10 ሰው ከ7 በላይ እንዲሁ ነበሩ። ይህ ማለት የ45 ዓመት ሴት አንገቷን ብትነሣ አንዳች ነገር መገኘቱ ከሞላ ጎደል የተረጋገጠ ነው። ፎቶው ውሸት አልተናገረም፤ የተጠየቀው ግን የተሳሳተ ጥያቄ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሥር፣ ጎኑና ደረጃው፣ ከደነዘዘው ጣትና ከደከመው ጡንቻ ጋር ካልገጠመ የጣቱ ምክንያት አይደለም። በግራ በኩል የወጣ ዲስክ የቀኝ እጅን ማደንዘዝ አይችልም። ይህን ማስተያየት አምስት ደቂቃ አይወስድም፤ ሳይደረግ ሲቀር ግን ሰው ለወራት የአንገት መደገፊያ አድርጎ ይውላል፣ ወይም ለወጌሻ አንገቱን ይሰጣል። አንገትን በኃይል ማዞር የዲስክ ችግር ባለበት ሰው ላይ አደጋ አለው፤ በአንጓው ታማሚ ላይ ደግሞ ያለ ምንም ጥቅም ያንኑ አደጋ ማምጣት ነው። በየክሊኒኩ የሚወጋው የቫይታሚን ቢ መርፌም ቫይታሚኑ ያልጎደለውን ሰው ነርቭ ከተጨነቀበት አያወጣውም።

ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ሊገኙ ይችላሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. አፕተንና ማክኮማስ አንድ ነርቭ ከላይ ከተጨነቀ ከታች ላለው ጫና ይበልጥ ይሸነፋል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ እስካሁን ያከራክራል። በተግባር ግን አንድ ነገር ያስተምራል፤ የአንገት ሕመምም የሌሊት መደንዘዝም ያለበት ሰው ላይ መጀመሪያ ቀላሉንና ርካሹን፣ ማለትም አንጓን፣ ማከምና የቀረውን ማየት ነው። የነርቭ ፍጥነት መለኪያ መሣሪያ ሲገኝ ጭንቀቱ አንጓ ላይ መሆኑን በቁጥር ያሳያል፤ ለዚህ ግን ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ መውረድ ግድ ይላል። ታሪኩና ካርታው ግልጽ ከሆነ መሣሪያው ሳይጠበቅ ሕክምናው ይጀመራል።

ሕክምናው የሚጀምረው በሌሊት ነው። ዓላማው አንጓው ቀጥ ብሎ እንዲያድር ማድረግ ነው፤ ወደ ውስጥም ወደ ኋላም ሳይታጠፍ። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛ ማሰሪያ ካልተገኘ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ቀርከሃ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በክንዱ የውስጥ ጎን ከመዳፍ መካከል እስከ ክንድ ግማሽ ይደረጋል። እንጨቱ ከጣቶች መታጠፊያ በታች ማብቃት አለበት፤ ጣቶች ነጻ ሆነው መንቀሳቀስ አለባቸውና። ጨርቁ ሰፊ ሆኖ ይጠመጠማል፤ ጠባብ ገመድ አንጓው ላይ ቢታሰር መልሶ ያንኑ ነርቭ ይጫነዋል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይም ካበጠ ጠብቋል ማለት ነው፣ ይላላ። በየሌሊቱ፣ ለ6 ሳምንት ያህል። ቀን ቀን የሚቻለውን ያህል መቆንጠጥን መቀነስ፣ ፈትሉንና ማለቡን ከሌላ ሰው ጋር መካፈል ይረዳል። በእርግዝና የመጣ መደንዘዝ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል፤ እስከዚያው ማሰሪያው ይበቃል።

ከ6 ሳምንት በኋላ ካልተሻለ ቀጣዩ ደረጃ ወደ መተላለፊያው የሚወጋ የስቴሮይድ መርፌ ነው። ብዙዎች ለሳምንታትና ለወራት ይቀልላቸዋል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መርፌው ሲገባ በጣት ላይ ኃይለኛ ንዝረት ከተሰማ ነርቩን ነክቷልና ወዲያው መናገር ያስፈልጋል። ስኳር ያለበት ሰው ለቀናት የስኳር መጠኑ ሊጨምር ስለሚችል አስቀድሞ ይንገር። ከመርፌው በፊትም ሆነ በኋላ ስኳርና የእንቅርት ዕጢ ሥራ መታየት አለባቸው፤ ሁለቱም ከበስተጀርባ ሆነው ይህን ሕመም ሊያመጡ ይችላሉ። በተለይ ሁለቱም እጆች እኩል ሲደነዝዙ ይህን አለመመርመር ስሕተት ነው።

ቀዶ ጥገናው ጣራ የሆነውን ማሰሪያ ጅማት ቆርጦ ነርቩን መልቀቅ ነው። በቦታው በሚሰጥ ማደንዘዣ ይሠራል፣ ብዙውን ጊዜ ማደር አያስፈልግም። የሌሊቱ መቀስቀስ ቶሎ ይተዋል። የመጨበጥ ኃይል ግን ለሳምንታት አንዳንዴም ለወራት ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ስለዚህ ከአጨዳው ዋዜማ ባይሠራ ይመረጣል። ቀዶ ጥገናው መዘግየት የማይገባው ጊዜም አለ። መደንዘዙ ከሌሊት አልፎ ቀኑን ሙሉ ካልለቀቀ፣ ሲኒ ወይም እንዝርት ሳይታሰብ ከእጅ ከወደቀ፣ የቁልፍ ቀዳዳ ማግኘት ካስቸገረ፣ ወይም ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላው እጅ ጋር ሲተያይ ጎድጎድ ካለ ነርቩ እየሞተ ነው። ሥጋው ከጎደለ በኋላ የሚሠራ ቀዶ ጥገና ሕመሙን ያስቀራል እንጂ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም።

የአንገቱ ሰው ሕክምና ሌላ ነው። አብዛኛው በ6 እስከ 12 ሳምንት በሕመም ማስታገሻና በቀላል እንቅስቃሴ ይሻለዋል፤ ኤም አር አይም ለእርሱ የሚያስፈልገው ካልተሻለ፣ ድካሙ ከጨመረ ወይም ቀዶ ጥገና ከታሰበ ነው። በፍጥነት መላክ ያለበት ግን ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንደኛው ሁለቱም እጆቹ ቀልጣፋነታቸውን አጥተው፣ ቁልፍ መቆለፍ አቅቶት፣ እግሮቹ ከርረው ሲሄድ የሚንገዳገድ፣ ወይም ሽንቱ ያስቸገረው ነው፤ የተጨነቀው የነርቭ ሥር ሳይሆን የጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ዋናው የነርቭ ገመድ ነው። ሁለተኛው አንገቱን ሌትና ቀን እያመመው የሚከሳ፣ ማታ ማታ ትኩሳትና ላብ የሚያስቸግረው ነው፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ መታሰብ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከዓለም ከተማው እናት ሆስፒታልም ሆነ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን፣ እንደ አስፈላጊነቱም ከዚያ 130 ኪሎ ሜትር ወደ አዲስ አበባ፣ ቶሎ መላክ አለባቸው።

የማርያም ጣትና የቀለበት ጣት ከደነዘዙ፣ ሌሎቹ ደኅና ከሆኑ፣ ነገሩ የካርፓል ተነል አይደለም። ክርን ላይ፣ ሲነካ የሚነዝረው ቦታ ውስጥ የሚያልፈው ሌላው ነርቭ ይፈተሻል። ነርቩ በጣት ሲዳሰስ ወፍሮ ከተገኘ፣ ቆዳ ላይም ስሜት የሌለው ቀላ ወይም ነጣ ያለ ቁስል ያልሆነ ምልክት ካለ የሥጋ ደዌ ምርመራ አይዘግይ፤ መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፣ ቶሎ የተጀመረ ሕክምናም ጣት እንዳይኮማተር ያደርጋል። እግር ከእጅ በፊት ደንዝዞ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ አንጓም አንገትም ላይሆን ይችላል፤ ስኳርና የሚወሰዱ መድኃኒቶች፣ በተለይ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው አይሶናያዚድ፣ ይታያሉ።